640 ዩሮ እንዴት 740 ዶላር ሆነ? የአንድ የሆቴል ሂሳብ ታሪክ

ከጉዞ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ስቴትመንቴን ከፈትኩ። ቁልቁል ሳወርድ ሁለት መስመሮች ላይ ዓይኔ ቆመ። አንዱ የሆቴል ሂሳብ ነው። ሌላው በማግስቱ ሻንጣ የገዛሁበት ነው። ሁለቱም ቦታ ዋጋው በዩሮ ነበር። የከፈልኩትም በአንድ ካርድ ነው፣ ካርዱ ደግሞ የዶላር ሂሳብ ካርድ ነው። ታዲያ አንድ ዩሮ ሻንጣው ላይ 1.10 ዶላር ገደማ ፈጅቶብኝ ሆቴሉ ላይ ወደ 1.16 የተጠጋው እንዴት ሆኖ ነው? ዩሮ በአንድ ሌሊት እንዲህ አይወርድም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባንኬን ነው። ሰው ሁሌም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ባንኩን ነው። ግን ሁለቱም ክፍያዎች ያለፉት በዚያው ባንክ ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱ የሱ ቢሆን ሻንጣውም ላይ በታየ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የሻንጣው መስመር ስር በትንሽ ፊደል ዋናው ሂሳብ 96.00 ዩሮ መሆኑና የተመነዘረበት ተመን 1.0876 መሆኑ ተጽፏል። የሆቴሉ መስመር ስር ግን ስለ ዩሮ ምንም የለም። ዶላር ብቻ። 729.12 ዶላር፣ አለቀ። ሆቴሉ በዩሮ ነው የሚሰራው፣ የክፍል ዋጋውም የተነገረኝ በዩሮ ነው፣ ባንኬ ግን ዩሮ የሚባል ነገር ጭራሽ አላየም።

ይህች የጎደለች ትንሽ ጽሑፍ ናት ጉዳዩን የፈታችልኝ። እናንተም ስቴትመንታችሁ ላይ ውጭ አገር የከፈላችሁበት መስመር ስር የዚያ አገር ገንዘብ ካልተጻፈ፣ ምንዛሪው የተሰራው ባንካችሁ ጋ ሳይደርስ እዚያው ማሽኑ ላይ ሊሆን ይችላል።

መክፈያው ጋ የሆነው

ቀኑን መልሼ አሰብኩት። ጠዋት ነው፣ ቸኩያለሁ፣ መኪና ውጭ ይጠብቀኛል። እንግዳ ተቀባዩ ሂሳቡን አተመና 640 ዩሮ አለኝ። ካርዴን ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ማሽኑ ጢጥ አለ። ልጁ ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ አንድ ነገር ተጫነ፣ ከዚያ ወደኔ አዞረውና ፒን አስገባ አለኝ። አስገባሁ። ደረሰኙን ተቀብዬ ኪሴ ውስጥ ጨመርኩና ሮጥኩ።

ደረሰኙን አለመጣሌ ጠቀመኝ። ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ተጨማዶ አገኘሁት። የሚመለከተን ክፍል ይህ ነው፦

```
AMOUNT         EUR 640.00
RATE   1 EUR = 1.13925 USD
MARKUP         5.00%
TOTAL          USD 729.12
```

ከስሩ ደግሞ በጣም ደቃቅ በሆነ ፊደል «የምከፍልበትን ገንዘብ እንድመርጥ አማራጭ ቀርቦልኛል፣ በዶላር ለመክፈል መርጫለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። መርጫለሁ! እኔ የመረጥኩት ነገር የለም። የመረጠው ልጁ ነው፣ ያቺ ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ የተጫናት ቁልፍ ምርጫዬ ሆና ተመዘገበች።

ይህ አሰራር ዳይናሚክ ከረንሲ ኮንቨርዥን ይባላል፣ የሙያው ሰዎች ዲሲሲ ይሉታል። በአጭሩ፣ ውጭ አገር ስትከፍል ማሽኑ «በዚህ አገር ገንዘብ ትከፍላለህ ወይስ በራስህ ካርድ ገንዘብ?» ብሎ ይጠይቅሃል። የራስህን ከመረጥክ ምንዛሪውን እዚያው፣ በራሱ ተመን ይሰራልሃል።

ማሽኑ የካርዴን ገንዘብ በምን አወቀ?

ይህ ጥያቄ ከነከነኝ። እኔ ለማንም የዶላር ሂሳብ አለኝ አላልኩም። የፖስ ማሽን የሚያስገባ ድርጅት ውስጥ ለዓመታት የሰራ ጓደኛ አለኝና ደወልኩለት።

«ካርዱን ሰጥተህ ዞር አልክ አይደል?» አለኝ ገና ሳልጨርስለት።

«ዞር አላልኩም፣ ፊቱ ቆሜ ነበር።»

«ስክሪኑን ግን አላየህም።»

አላየሁም፣ እውነቱን ነው።

እሱ እንዳስረዳኝ ሚስጥሩ የካርዱ ቁጥር ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወይም ስምንት አሃዞች ካርዱን የትኛው ባንክ እንዳወጣው ይናገራሉ። ማሽኑ፣ ወይም ማሽኑ የሚገናኝበት ኮምፒውተር፣ እነዚህን አሃዞች ከነባንኩና ከነገንዘቡ የያዘ ሰንጠረዥ አለው። ካርዱ ሲገባ ቁጥሩን ያነባል፣ ሰንጠረዡ ላይ ይፈልጋል፣ «ይህ የዶላር ካርድ ነው» ይላል፣ ከዚያ ጥያቄውን ያወጣል። ለዚህ ነው ጥያቄው ካርድ ከገባ ወይም ከተነካ በኋላ እንጂ በፊት የማይመጣው። የአገሩ ሰው ካርዱን ሲያስገባ ያ ስክሪን ጭራሽ አይታይም።

በነገራችን ላይ ሰንጠረዡ የሚያውቀው የካርዱን ቁጥር ብቻ ነው፣ በሂሳብህ ውስጥ ያለውን አያውቅም። አሁን አሁን በአንድ ካርድ ዶላርም ዩሮም ፓውንድም የሚያስይዙ ሂሳቦች አሉ። እንዲህ ያለ ካርድ በቁጥሩ የዶላር ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሂሳብህ ውስጥ በቂ ዩሮ ቢኖርም ማሽኑ «በዶላር ልቀይርልህ?» ይልሃል። እሺ ካልክ ዩሮህ እዚያው ቁጭ ይልና ከዶላሩ ላይ፣ ያውም በማሽኑ ውድ ተመን ይቆረጣል። ምንም ምንዛሪ ለማያስፈልገው ክፍያ ምንዛሪ ከፈልክ ማለት ነው።

ሁለቱ መንገዶች

አሁን 640 ዩሮዬን ይዘን ሁለቱንም መንገድ እንሂድበት።

ልጁ ዩሮን ቢመርጥ ኖሮ ጥያቄው ወደ ባንኬ የሚሄደው «640 ዩሮ ፍቀድ» ተብሎ ነው። ምንዛሪውን የሚሰሩት ካርዱን የሚያገናኙት ኔትዎርኮች ናቸው፣ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ። እነሱ በየቀኑ የራሳቸውን ተመን ያወጣሉ። ድረ ገጻቸው ላይ ማስያ አለ፣ ማንም ገብቶ የቀኑን ተመን ማየት ይችላል። ይህ ተመን ባንኮች እርስ በርስ በጅምላ ከሚገበያዩበት ዋጋ ብዙም አይርቅም። ምክንያቱም በየቀኑ በእነሱ በኩል የሚያልፈው ገንዘብ እጅግ ብዙ ነው፣ የሚገዙትም የሚሸጡትም በጅምላ ነው። ከዚያ ባንኬ የራሱን የውጭ ክፍያ ኮሚሽን ይጨምራል። የኔ ባንክ 1.5 በመቶ ነው። ምንም የማይጨምር አለ፣ 3 በመቶ የሚጨምርም አለ።

ልጁ ዶላርን ሲመርጥ ግን ጥያቄው ወደ ባንኬ የሄደው «729.12 ዶላር ፍቀድ» ተብሎ ነው። ምንዛሪው አልቋል። ቪዛም ማስተርካርድም የሚቀይሩት ነገር የለም። የቀየረው ለሆቴሉ ማሽን የሰጠው ባንክ ነው፣ ወይም ከሱ ጋር ተዋውሎ ይህን ሥራ የሚሰራ ኩባንያ። ተመኑን ያወጣውም እሱ ነው። ሆቴሉ በሁለቱም መንገድ 640 ዩሮውን ይቀበላል፣ አንድ ዶላር እንኳ እጁ አይገባም። «በዶላር ከፈልክ» የሚባለው ነገር ከኔ በኩል ብቻ ነው እውነት የሚሆነው።

የተመኑ ልዩነት ከየት እንደመጣ ደረሰኙ ራሱ ይናገራል። 5.00% የሚለውን አስተውሉ። የዚያን ቀን የጅምላው መካከለኛ ተመን 1.0850 ነበር። በእሱ ላይ 5 በመቶ ጨምሩበት፣ 1.13925 ይመጣል። ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር አሃዝ ሳይሳሳት ያው ነው። በማግስቱ ለሻንጣው የተሰራው የኔትዎርክ ተመን ደግሞ 1.0876 ነው። ከ1.0850 ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ሩብ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ የሁለቱ ተመኖች መለያየት ዩሮ ወጣ ወረደ ከሚባለው ጋር አይገናኝም። አንዱ የጅምላ ዋጋ ነው፣ ሌላው የችርቻሮ። ቸርቻሪው ደግሞ እዚያው መክፈያው ጋ፣ ቸኩለህ፣ ሌላ ሱቅ ሄደህ ዋጋ በማታወዳድርበት ሰዓት ነው የሚያገኝህ።

«አምስት በመቶው ማን ኪስ ነው የሚገባው?» ብዬ ጓደኛዬን ጠየቅኩት።

«ይከፋፈሉታል። ማሽኑን ያስገባው ባንክ አለ፣ ምንዛሪውን የሚሰራው ኩባንያ አለ፣ ሆቴሉም የራሱ ድርሻ አለው። ድርሻው እንደ ውሉ ነው።»

«ሆቴሉም?»

«ታዲያ ልጁ በነፃ የተጫነልህ መሰለህ?»

ልጁ ለራሱ ሳንቲም አግኝቶ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ምናልባት ሲቀጠር «የውጭ ካርድ ሲመጣ በራሳቸው ገንዘብ አስከፍል፣ ደስ ይላቸዋል» ተብሏል፣ እሱም እንደተባለው አደረገ። ቤቱ ግን ጥቅም አለው፣ ጥቅም ያለበት ቤት ደግሞ ጣቱ ወደየትኛው ቁልፍ እንደሚያዘነብል መገመት አያቅትም።

እኔን ይበልጥ ያናደደኝ መስመር

እስካሁን ያወራሁት ስለ 729.12 ነው። ርዕሱ ላይ ያለው ግን 740 ነው። ቀሪው ከየት መጣ?

ከሆቴሉ መስመር ቀጥሎ 10.94 ዶላር የሚል አለ። የውጭ አገር ክፍያ ኮሚሽን። የ729.12 1.5 በመቶ ማለት ነው። እኔ የዋህ፣ በዶላር ከተከፈለ ምንዛሪ የለም፣ ምንዛሪ ከሌለ ኮሚሽን የለም ብዬ ነበር የማስበው። ባንኬ ደውዬ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ሌላ ነው። ኮሚሽኑ የሚታሰበው በገንዘቡ ዓይነት ሳይሆን ማሽኑ ባለበት አገር ነው። ማሽኑ ውጭ አገር ከሆነ፣ በዶላርም ይምጣ በዩሮ፣ 1.5 በመቶ ይቆረጣል። ሁሉም ባንክ እንዲህ አያደርግም። አንዳንዱ ምንዛሪ ከተሰራ ብቻ ነው የሚያስከፍለው። የራሳችሁ የትኛው እንደሆነ ካርዱ ሲሰጣችሁ በፈረማችሁበት የዋጋ ዝርዝር ላይ ይገኛል፣ ያው ማንም የማያነበው ወረቀት።

ስለዚህ የኔ ሂሳብ ይህን ይመስላል። በዲሲሲ መንገድ 729.12 ሲደመር 10.94፣ ድምሩ 740.06 ዶላር። በዩሮ ተከፍሎ ቢሆን፣ በሻንጣው ተመን ብናሰላው፣ 640 በ1.0876 ሲባዛ 696.06፣ ኮሚሽኑ 10.44፣ ድምሩ 706.50። ልዩነቱ 33.56 ዶላር ነው። ለአንዲት የቁልፍ ጭነት።

ቁጥሩን አይቶ «ታዲያ ዲሲሲ ሁሌም ኪሳራ ነው» የሚል ይኖራል። ሁሌም አይደለም። አንድ ሰው ባንኩ 3 በመቶ የሚያስከፍለው ቢሆን፣ ያውም ምንዛሪ ሲሰራ ብቻ፣ ማሽኑ ደግሞ 2.5 በመቶ ብቻ ቢጨምር፣ ዲሲሲ ይሻለዋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ የማሽኑ ጭማሪ ከነባንክህ ኮሚሽን በአንድ በኩል፣ የኔትዎርኩ ትንሽ ልዩነት ከነባንክህ ኮሚሽን በሌላ በኩል። እንደኔ ባንኩ በሁለቱም መንገድ እኩል ለሚያስከፍለው ሰው ግን ኮሚሽኑ ከሁለቱም ወገን ይጣፋል፣ የሚቀረው 5 በመቶን ከሩብ በመቶ ጋር ማወዳደር ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

«ተመኑ እኮ የተረጋገጠ ነው»

ለሆቴሉ ኢሜይል ጻፍኩ። መልሱ በማግስቱ መጣ፣ ትሁት ነው። በራሴ ገንዘብ በመክፈሌ የማውቀው ቁርጥ ያለ ተመን እንዳገኘሁ፣ ኮሚሽን እንዳልተጨመረብኝ፣ ከምንዛሪ መዋዠቅም እንደተጠበቅኩ ይገልጻል።

ኮሚሽን አልተጨመረም የሚለው በቃላት ደረጃ ውሸት አይደለም። ለብቻው የተጻፈ ኮሚሽን የለም፣ ተመኑ ውስጥ ነው የተሸሸገው። ስለ መዋዠቅ የተባለው ግን እውነት አለበት፣ ልለፈው አልፈልግም። በዩሮ ስትከፍል የኔትዎርኩ ተመን የሚሰራው ክፍያው ተጣርቶ በሚመዘገብበት ቀን ሊሆን ይችላል፣ ይህም ካርድህን ካስገባህ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ መክፈያው ጋ ቆመህ በዶላር ስንት እንደሚሆን እስከ ሳንቲሙ አታውቅም። ዲሲሲ ይህን እርግጠኝነት ይሸጥልሃል። ለመሥሪያ ቤቱ የወጪ ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው፣ ወይም በሂሳቡ ላይ ያለችው ገንዘብ ልክ በልክ የሆነችበት፣ ሊፈልገው ይችላል።

ጥያቄው ዋጋው ነው። ዩሮና ዶላር በሁለት ቀን ውስጥ 5 በመቶ የሚለያዩበት አጋጣሚ ከስንት አንዴ ነው፣ ቢለያዩ ደግሞ ወደ እኔ ጥቅምም ሊሆን ይችላል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ስጋት 5 በመቶ መድን መግዛት ጃንጥላ በቤት ዋጋ እንደመግዛት ነው። የመገበያያ ገንዘቡ በቀን ውስጥ የሚናወጥ ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር።

ለሁለተኛው ኢሜይል ሌላ ነገር ያዝኩ። ስለ ተመኑ ክርክሩን ተውኩት። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማን መረጠ? የቪዛም የማስተርካርድም ደንብ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ሁለቱ ገንዘቦች ከነመጠናቸው፣ ተመኑ ከነጭማሪው ለካርዱ ባለቤት መታየት አለባቸው፣ መምረጥ ያለበትም እሱ ራሱ ነው። ነጋዴው ስለ ደንበኛው መምረጥ አይችልም። ደንበኛው ያላወቀው ምርጫ ከተፈጸመ ደግሞ በካርድ ባንክ በኩል ክርክር ማንሳት ይቻላል። ቪዛ ጋ ይህ ራሱን የቻለ ኮድ አለው፣ 12.3፣ ትርጉሙ «የተሳሳተ ገንዘብ» ነው። ይህንን ቁጥር ጓደኛዬ ነው የነገረኝ። ኢሜይሉ ላይ ብቻውን ጻፍኩት፣ ማስፈራራት ሳልጨምር። የሙያውን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

ገባቸው። በአራተኛው ቀን የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ ደወሉልኝ። ልጁ ስክሪኑን እንዳላሳየኝ አልካዱም፣ እንደዚያ ነው የሚሰሩት መሰለኝ። 729.12 ዶላሩን መልሰው በዩሮ እንደገና ሊያስከፍሉኝ ተስማሙ።

«ያኔውኑ ቢነግሩን ኖሮ እዚያው ሰርዘን ደግመን እናስገባው ነበር» አሉኝ። ልክ ናቸው። ክፍያው የዕለቱ ሂሳብ ሳይዘጋ ከተሰረዘ ጣጣ የለውም። ማሽኑ ይሰርዘዋል፣ የታገደው ገንዘብ በቀናት ውስጥ ይለቀቃል፣ አዲስ ክፍያ በዩሮ ይገባል፣ ሁለት ደቂቃ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን መሰረዝ የለም፣ ተመላሽ ነው፣ ተመላሽ ደግሞ የራሱ ወረፋ አለው።

ወደ ሁለት ሳምንት ፈጀ። አዲሱ ክፍያ ስቴትመንቴ ላይ ሲገባ ከስሩ 640.00 ዩሮ፣ ተመን 1.0912 የሚል ጽሑፍ ነበረው። ዩሮ በዚህ መሀል ትንሽ ከፍ ብሏል። 698.37 ሲደመር 10.48 ኮሚሽን፣ 708.85 ዶላር። እንግዲህ ያ የተፈራው መዋዠቅ ይህ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያስከፈለኝ 2.35 ዶላር።

መክፈያው ፊት ስትቆሙ

ከዚያ ወዲህ ማሽን ባየሁ ቁጥር አንገቴን እዘረጋለሁ። ስክሪኖቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ሁለቱን ገንዘቦች ጎን ለጎን አስቀምጦ በሰላም ይጠይቃል። አንዳንዱ ግን የራስህን ገንዘብ አረንጓዴው ቁልፍ ላይ፣ የአገሩን ቀዩ ላይ ያደርጋል። ቀይ ደግሞ በሰው ጭንቅላት ውስጥ «ሰርዝ» ነው። ክፍያው እንዳይሰረዝብኝ ብሎ አረንጓዴውን ይጫናል፣ በቃ። ኤቲኤሙ የባሰ ነው። «ምንዛሪውን ትቀበላለህ ወይስ አትቀበልም?» ይላል፣ አልቀበልም ያለ ሰው ገንዘቡ የማይወጣለት ይመስለዋል። ይወጣል። የሚቀረው የማሽኑ ተመን ብቻ ነው፣ ምንዛሪውን ኔትዎርኩና ባንክህ ይሰሩታል።

ሌላ የሚያሳስተው ተመኑ የሚጻፍበት አቅጣጫ ነው። የኔ ደረሰኝ «1 ዩሮ = 1.13925 ዶላር» ይላል፣ ደግ ነው፣ ከፍ ካለ ውድ ነው። አንዳንዱ ግን ገልብጦ «1 ዶላር = 0.87777 ዩሮ» ብሎ ይጽፈዋል። ያው ተመን ነው፣ ግን እዚህ ዝቅ ያለው ነው ውዱ። ስልክ ላይ ያየኸው ተመን 0.9217 ከሆነና ማሽኑ 0.8778 ካለህ፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው ብለህ እንዳትደሰት። እኔ አሁን የማደርገው አንድ ነገር ነው፦ ተመኑን ትቼ ጠቅላላውን ዶላር በጠቅላላው ዩሮ አካፍላለሁ። 729.12 ለ640፣ 1.139። ከዚያ ስልኬ ላይ ካለው 1.085 ጋር አስተያያለሁ። አቅጣጫው አያሳስትም።

የአውሮፓ ኅብረት ይህንን ማወዳደር ለሰው ለማቅለል ሕግ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 19 ቀን 2020 ጀምሮ፣ በኅብረቱ ውስጥ በኅብረቱ ገንዘቦች መካከል በካርድ ለሚደረግ ክፍያ፣ የምንዛሪው ጭማሪ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የማጣቀሻ ተመን በላይ ስንት በመቶ እንደሆነ ተጽፎ መታየት አለበት። ጥሩ ነገር ነው፣ ሁሉም በአንድ መለኪያ ይለካል። ከዚያ ውጭ ባለ ካርድ ላይ ግን «ጭማሪ» የሚለው ቃል ከምን በላይ እንደሆነ ሁሌም ግልጽ አይደለም። አንዱ 3 በመቶ ብሎ የሚጽፈው ከጅምላው መካከለኛ ተመን በላይ ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ደግሞ ራሱ ቀድሞ ትንሽ ከፍ ካደረገው ተመን በላይ። ለዚህም ነው ማካፈሉን የምመርጠው።

መክፈያው ጋ ለሚያስከፍለኝ ሰው የምለው አጭር ነው፣ ካርዱን ከመስጠቴ በፊት፦ «በዩሮ ይሁን።» ከዚያ ስክሪኑ ወደኔ እስኪዞር ፒን አላስገባም። ባለፈው አንዱ ልጅ ትንሽ ተቆጣኝ፣ «ያው አይደል?» አለኝ። ያው አይደለም አልኩት፣ ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበረ ማብራሪያውን ዘለልኩት።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ሆቴሉ 729.12ቱን ሲመልስ ባንኬ 10.94ቱን አልመለሰም። ሁለተኛው ክፍያ ላይ ደግሞ 10.48 ወስዷል፣ ስለዚህ ለአንድ የሆቴል ቆይታ ሁለት ጊዜ ኮሚሽን ከፈልኩ ማለት ነው። ደወልኩ። ልጅቷ ኮሚሽን በተመላሽ ጊዜ በራሱ አይመለስም፣ ጥያቄ መቅረብ አለበት አለችኝ። አቀረብኩ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ስቴትመንቴ ላይ ማብራሪያ የሌለው አንድ መስመር ገባ፣ ፕላስ 10.94።